ደሙ የማይረጋ ቤተሰብ፦ የዘር ሐረግን ማንበብ

የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘጠኝ ልጆች ወልደዋል። ከአራቱ ወንዶች ልጆቻቸው አንዱ፣ ልዑል ሊዮፖልድ፣ ትንሽ ቢጋጭ እንኳ ደሙ ቶሎ አይቆምለትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳይ ውስጥ ካን በተባለች ከተማ ወድቆ በ30 ዓመቱ ሞተ። ሕመሙ ሄሞፊሊያ ይባላል። በኋላም በንግሥቲቱ የልጅ ልጆችና የልጅ ልጅ ልጆች ላይ ታየ።

ሕመሙ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የተላለፈው በምን መንገድ ነው? ጤነኛ ወላጆች የታመመ ልጅ ሲወልዱ ሁለት ዋና ጥርጣሬዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ጉድለቱ ወንድና ሴት እኩል ጥንድ ጥንድ አድርገው በሚይዟቸው ክሮሞዞሞች ላይ ነው የሚል ነው። እንዲህ ከሆነ ልጁ የሚታመመው ጉድለቱን ከአባቱም ከእናቱም ሲወርስ ነው። ሁለተኛው፣ ጉድለቱ ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም ላይ ነው የሚል ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢጎድል ሌላው ይሸፍንላታል፤ ራሷ ሳትታመም ተሸካሚ ትሆናለች። ወንድ ግን ያለው ኤክስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው።

የዘር ሐረግ ሲሣል ወንድ በካሬ፣ ሴት በክብ ይወከላሉ። የታመመው ምልክት ይጠቆራል። ዘመዳሞች ከተጋቡ በመካከላቸው ሁለት መስመር ይሰመራል። የቪክቶሪያን ቤተሰብ እንዲህ ሥለን መጀመሪያ የጠቆሩትን እንቁጠር። ሊዮፖልድ አንድ። ከልጃቸው ከአሊስ በኩል ልጇ ፍሪድሪክ፣ የአይሪን ሁለት ልጆችና የሩሲያው አልጋ ወራሽ አሌክሲ። ከሌላዋ ልጃቸው ከቢያትሪስ በኩል አንድ ልጇና የስፔን ንግሥት የሆነችው ልጇ የወለደቻቸው ሁለት ወንዶች። በመጨረሻም ከሊዮፖልድ በኩል የልጅ ልጁ ሩፐርት። ዘጠኙም ካሬ ናቸው። ሕመሙ ጾታ የማይለይ ቢሆን ኖሮ ዘጠኙም ታማሚዎች በአጋጣሚ ወንድ የመሆናቸው ዕድል ከ512 አንድ ብቻ ነው። የታመሙት ሦስት ብቻ ቢሆኑ ግን ዕድሉ ከስምንት አንድ ነውና ድምዳሜ አያሰጥም።

ቀጥለን ከውጭ የገቡትን ባሎች እንይ። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ልክ እንዲሆን የሄሴው መስፍን፣ የባተንበርጉ ልዑል፣ የሩሲያው ዛርና የስፔኑ ንጉሥ ሁሉም ያንኑ ብርቅ ጉድለት ተሸክመው መምጣት ነበረባቸው። በሁለተኛው ጥርጣሬ ግን ከባሎቹ አንዱም አያስፈልግም፤ እናቶቹ ተሸካሚ መሆናቸው ይበቃል። የሊዮፖልድ ልጆችም ከዚሁ ጋር ይስማማሉ። ወንድ ልጁ ከአባቱ የሚያገኘው ዋይ ክሮሞዞምን ስለሆነ ጤነኛ ሆነ። ሴት ልጁ ግን የአባቷን ብቸኛ ኤክስ መውረሷ ስለማይቀር ተሸካሚ ሆነች፤ ሩፐርትም የእሷ ልጅ ነው።

ወጥመዱ ያለው አይሪን ቤት ነው። አይሪን ያገባችው የአክስቷን ልጅ ሲሆን ከሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ሁለቱ ታመዋል። ዘመዳሞች ከአንድ ቅድመ አያት አንድ ዓይነት ጉድለት ሊወርሱ ስለሚችሉ፣ ጋብቻቸው ብዙ ጊዜ ወደ መጀመሪያው ጥርጣሬ ይጠቁማል። ሰባት ቤት ቆጥሮ የመጋባት ልማድም ይህን አደጋ ይቀንሳል። ስለዚህ ይህን አንድ ቤት ብቻ ያየ ሰው የዝምድና ጋብቻውን ጥፋተኛ ማድረጉ አይቀርም። የአይሪንን ወንድም፣ የእኅቷን ልጅና የእናቷን ወንድም ያየ ግን ጉድለቱ በእናት በኩል እንደመጣ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ምርመራም ከሩሲያ ነገሥታት ቤተሰብ አፅም በተወሰደ ዲኤንኤ ጉድለቱን ኤክስ ክሮሞዞም ላይ አግኝቶታል።

ፍርዱን የሚገለብጡ ምልክቶችም አሉ። አባቷ ጤነኛ የሆነ ሴት ልጅ በግልጽ ከታመመች፣ ወይም የታመመች እናት ጤነኛ ወንድ ልጅ ከወለደች፣ ኤክስን ትተን ወደ መጀመሪያው ጥርጣሬ እንመለሳለን። ከአባቷ የወሰደችው ኤክስ ጤነኛ ከሆነ ሊሸፍንላት ይገባ ነበር፤ ሁለቱም ኤክሶቿ የጎደሉባት እናት ደግሞ ለወንድ ልጇ ጤነኛ ኤክስ ልትሰጥ አትችልም። ጥቂት ሴት ተሸካሚዎች ላይ ምልክት ስለሚታይ ግን የመጨረሻው ቃል የላብራቶሪ ነው።

እንዲህ ያለ ሕመም ቤትዎ ካለና ሐኪም ስለ ዘመዶችዎ ከጠየቀዎ፣ በእናት በኩል ያሉትን አጎቶችና የአክስት ወንዶች ልጆች አይዝለሉ። በሕፃንነታቸው የሞቱትንም ይጥቀሱ። ወላጆች ዘመዳሞች ከሆኑም አይደብቁ።