የጧሪው ትከሻ

በጎጃም ገጠር ሰው ሲመረቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይባላል። መንግሥት ለሠራተኛው የሚከፍለው ጡረታም ስሙን ያገኘው ከዚሁ «ጦረ» ከሚለው ቃል ነው። ነገር ግን መምህሩ በ60 ዓመቱ የወር አበሉን ይዞ ሲያርፍ፣ በይልማና ዴንሳ የሚያርሰው የአዴት ገበሬ ጡረታው ልጁ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞችን ወደ ጡረታ ያስገባው የ2003 አዋጅም ሞፈር የጨበጠውን አልደረሰበትም። ስለ አዛውንቱ ብዙ ይነገራል፤ እዚህ ግን የምናየው ልጆቹን ገና አሳድጎ ሳይጨርስ ወላጆቹን መጦር የጀመረውን ሰውና ሚስቱን ነው።

ዶሮቲ ሚለር የተባለች አሜሪካዊት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1981 እነዚህን ሰዎች «ሳንድዊች ትውልድ» ብላ ሰየመቻቸው። በእሷ አገር ነገሩን ያመጣው ሴቶች ዘግይተው መውለዳቸውና ወላጆች ረጅም ዕድሜ መኖራቸው ነው። በጎጃም መንገዱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአማራ ክልል የጎልማሳ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ያገቡት በ16 ዓመት አካባቢ ወይም ከዚያ በፊት ነው። በዚያ ዕድሜ ያገባች ሴት 39 ዓመት ሲሆናት የመጀመሪያ ልጇ ሃያ ሊሞላው፣ የመጨረሻው ገና ከጀርባዋ ሊሆን ይችላል። አማቶቿ ደግሞ በዚያው ጊዜ ጉልበታቸው ያልቃል። ስለዚህ ሸክሙ የሚመጣው ቤቱ ከልጅ ሳይራገፍ ነው።

ማን ይጦራል የሚለውን የሚወስነው ከፍቅር ይልቅ ብዙ ጊዜ መሬት ነው። በክልሉ የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ነበር። ያን ጊዜ ለአካለ መጠን ደርሶ ድርሻ ያገኘው ዛሬ ወደ ሃምሳው ተጠግቷል ወይም አልፎታል። ከዚያ በኋላ ጎጆ የወጣው ግን የሚያርሰውን የሚጠብቀው ከአባቱ ነው። አባት ልጁን ሲድር ከመሬቱ አንድ ሁለት ቃዳ ይቆርስለታል፤ የቀረውን ለመጦሪያ ይይዛል። ክንዱ ሲዝል መጦሪያውንም ያው ልጅ ያርሰዋል፤ ምርቱን በእኩል ይካፈላሉ፣ ወይም ወላጆቹ ከልጁ ማዕድ ይበላሉ። የይዞታ ደብተሩ ግን በአባት ስም ይቆያል። አባት ይህን የሚያደርገው ከስስት አይመስለኝም፤ ደብተሩ ከእጁ ከወጣ ነገ ውኃ የሚያቀብለው እንዳያጣ ይሰጋል።

እዚህ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚታየው ቆይቶ ነው። የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ይዞታን በስጦታም ሆነ በኑዛዜ ማስተላለፍን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ስጦታው በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው መመዝገብ አለበት። ጧሪው ብዙ ጊዜ የሚተማመነው በአባቱ ቃል ነው። አሥር ዓመት ጦሮ፣ ቀብሮ፣ ተስካር አውጥቶ ሲያበቃ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞቹ እኩል ካልተካፈልን ይላሉ። ጡሩኝ ባይ ወላጅም ሕግ አለው፤ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ልጁን የከሰሰ አባት ግን ራሱ ያፍራል፣ ስለዚህ ነገሩ ከሽማግሌ እጅ አይወጣም።

የብዙ ቤቶችን ኑሮ አጣምሬ አንድ ቤት ላሳይ። ባል 46፣ ሚስት 39፣ አምስት ልጆች። ትልቋ 9ኛ ክፍል ናት፤ አዴት ከተማ ቤት ተከራይታ በየሳምንቱ ስንቅ ይላክላታል። ትንሹ 3 ዓመቱ ነው። የባል አባት ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከያዛቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እናት ዓይናቸው ጠፍቷል። መሬቱ የራሱ ሁለት ቃዳ፣ የአባቱ መጦሪያ ሁለት ቃዳ፣ በድምሩ አንድ ሄክታር ነው። ጥሩ ዓመት ከሆነና ማዳበሪያ ከተገኘ፣ በሁለቱ ቃዳ ጤፍ 8 ኩንታል፣ በአንዱ በቆሎ 10 ኩንታል ያህል ይገኛል፤ በአራተኛው ድንች ይተከላል። ለአንድ ሰው በዓመት 2 ኩንታል እህል ብናስብ፣ ሕፃናቱ ያነሰ ቢበሉም፣ ዘጠኙ ነፍስ ያንኑ 18 ኩንታል ይጨርሰዋል። የማዳበሪያው ዕዳ፣ የልጅቷ የቤት ኪራይና የአባት መድኃኒት ከድንቹ ይጠበቃል። የድንች ዋጋ በወደቀበት ዓመት ጤፉ ይሸጥና ቤቱ ወደ በቆሎ ይወርዳል።

የጉልበቱ ስሌት ከእህሉ ይከብዳል። ሰውነቱ የማይታዘዘውን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካላገላበጡት ወገቡና ዳሌው ይቆስላል። ነገር ግን ምራት የአማቷን ገላ ማጠብ ነውር ነው። ምግቡን ታጎርሳለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ለዚህም ከሌላው ቤት በላይ በየቀኑ አንድ ሁለት ጀሪካን ውኃ ትጨምራለች። ማገላበጡና ማጠቡ የልጃቸው ሥራ ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ልጅየው ከማለዳ እስከ ማታ እርሻ ላይ ይውላል፤ አዛውንቱም እስኪመጣ በረጠበ አንሶላ ይጠብቃሉ። ቁስሉ የሚወጣው በዚህ ወቅት ነው። ጎረቤት «ልጁ ቸል አላቸው» ሲል ቁስሉን እንጂ እርሻውን አያይም።

የአባትየው የደም ግፊት መድኃኒትም በየወሩ መምጣት አለበት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የሚመዘግበው በአባወራ ነው፤ ያረጁ ወላጆች ወይ የራሳቸውን መዋጮ ይከፍላሉ፣ ወይ ከልጁ ደብተር ላይ ተጨማሪ ይከፈልላቸዋል። ተከፍሎም መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ ከግል ይገዛል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ከአዴት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቀው ባሕር ዳር የማይደረስበት ይሆናል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ገጠርም ከዚህ አላመለጠም። መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ለሁለተኛ ስትሮክ ይጋለጣል፤ የጧሪው ሸክምም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ይህን ሸክም ለመለካት በዓለም ላይ ብዙ የሚሠራበት የዛሪት መጠይቅ ነው። 22 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይያዝበታል፣ ጣሪያው 88 ነው። ጥያቄዎቹ የተንከባካቢውን ድካም፣ ንዴት፣ እፍረትና ለራሱ የሚተርፈውን ጊዜ የሚመለከቱ ናቸው። የአዴቷ ምራት ግን ስለ አማቷ ተናደድሁ ብላ ለእንግዳ አትናገርም፤ የወላጅ እርግማን ይፈራል። ነጥቧ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ሸክሟ ቀላል ነው ማለት አይደለም። እኔ ብጠይቅ የምጠይቃት ሌላ ነገር ነው፦ ወገብሽን ካመመሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ? ጤና ጣቢያ ሄድሽ? በዚህ ዓመት በሬ ተሸጧል? ከልጆቹ ትምህርት የሚቀረው የትኛው ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ወደ አያትየዋ ዓይን ይወስደናል። እሳቸውን ወደ ደጅ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ለቅሶ በዱላ የሚመራቸው የ9 ዓመቱ ልጅ ነው፤ ከትምህርት የሚቀረውም እሱ ነው። ዕውርነታቸው የሞራ ግርዶሽ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይመለሳል፤ ቀዶው ራሱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ብሎ መተዉ አንዱ የመዘግየቱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን፣ እናትየዋን ባሕር ዳር ወስዶ፣ አሳክሞ፣ በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ አጠገባቸው ቆሞ ለመመለስ አንድ ጎልማሳ ሦስት ቀን ያህል ከቤት መጥፋት አለበት። ያ ሰው አባትየውን በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጠው ልጃቸው ነው።