ክሩዙ ሳይነካ ሲጠፋ

አንድ የቆየ ቶዮታ ኮሮላ አራት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ እየተመለሰ ነው እንበል። ሾፌሩ ክሩዝ ኮንትሮሉን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ይዞ እግሩን አሳርፏል። ዳገቱ ሲጠና ሞተሩ ማጓራት ይጀምራል፣ የፍጥነቱ መርፌም ቀስ እያለ ይወርዳል። 84 አካባቢ ሲደርስ SET የሚለው አረንጓዴ መብራት ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ ነዳጅ የሚሰጠው ስለሌለ መኪናው ይደክማል። ሾፌሩ «ተበላሸ» ይላል።

አልተበላሸም። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ፍጥነቱ ከተያዘው በ16 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ካለ ክሩዙ ራሱን እንዲለቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከ40 በታች ሲወርድም እንዲሁ ነው፤ ጎማ አንሸራትቶ የመኪናው መቆጣጠሪያ ጣልቃ ሲገባም ይለቃል። በዳገቱ ምክንያት ሲለቅ የያዘውን ቁጥር ጭምር ስለሚሰርዘው፣ ሜዳው ላይ ሲደርሱ RES ቢጫን መልስ አይሰጥም። የሚፈለገው ፍጥነት ላይ ደርሶ እንደገና SET መጫን ነው።

እዚህ ላይ መብራቶቹን ማንበብ ይጠቅማል። CRUISE ብቻ ሲበራ ሥርዓቱ ተከፍቷል ማለት ነው እንጂ ምንም አልያዘም። ፍጥነት የያዘው SET ሲጨመርበት ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች ይህን በአንድ ምልክትና በቀለም ይነግሩናል፤ ብዙውን ጊዜ ነጭ ወይም ግራጫው ተዘጋጅቶ እየጠበቀ፣ አረንጓዴው ሥራ ላይ ያለ ነው። ብርቱካናማ አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት ነው፤ ሬኖና ዳቺያ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። በእነሱ አረንጓዴው ክሩዙ ሲሆን፣ ብርቱካናማው የፍጥነት ገደቡ ነው። ይህን ያላወቀ የደስተር ባለቤት ጤነኛ መኪና ይዞ ጋራዥ ቢሄድ አይፈረድበትም።

የፍጥነት ገደቡ እንደ ክሩዝ መኪናውን አይነዳም። ነዳጅ የሚሰጠው ሾፌሩ ነው፤ እሱ ከተወሰነው ቁጥር በላይ እንዳያልፍ ብቻ ይይዛል። ለመቅደም ማለፍ ከተፈለገ ፔዳሉን እስከ ታች ጥርቅም አድርጎ መርገጥ ነው፤ ቁጥሩ ብልጭ ድርግም እያለ ይለቃል። ቁልቁለት ላይ ግን ብዙዎቹ ፍሬን ስለማይዙ ሳይረግጡትም ከገደቡ ሊያልፍ ይችላል።

አሁን ወደ እውነተኛው ብልሽት እንምጣ። ሜዳ መንገድ ላይ፣ ያውም ትንሽ ጉድጓድ በነካ ቁጥር የሚጠፋ ክሩዝ አለ። መካኒኩ ብዙ ጊዜ መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ይፈታል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የፍሬን መብራቱን ነው። ከፍሬን ፔዳሉ በላይ፣ ዳሽቦርዱ ሥር፣ ቀጭን ዘንግ ያለው ትንሽ ስዊች አለ። ፔዳሉ ሳይረገጥ ዘንጉን ገፍቶ ይይዘዋል። ሲረገጥ ዘንጉ ብቅ ይላል፣ የኋላው መብራት ይበራል፣ ክሩዙም በዚያው ቅጽበት ይለቃል። ስዊቹ ከቦታው ትንሽ ካፈገፈገ የመንገዱ ንዝረት ብቻ ዘንጉን ብቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ክሩዙም «ፍሬን ተያዘ» ብሎ ያምናል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ሲመሽ መኪናውን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ማቆም፣ ከዚያ ፔዳሉን በጣት ነካ ነካ ማድረግ። ገና ሳይጫን ግድግዳው ላይ ቀይ ብርሃን ብልጭ ካለ ስዊቹ መስተካከል አለበት። በእጅ ማርሽ መኪና ላይ የፍሪሲዮኑ ፔዳልም የራሱ ስዊች ስላለው እሱንም ማየት ነው።

ሌላው ምልክት ምንጣፉ ላይ ይገኛል። ዘንጉ የሚያርፍበት የፔዳሉ ክንድ ላይ ቀዳዳ የሚደፍን ትንሽ ጎማ ወይም ፕላስቲክ አለ። በዕድሜ ብዛት ይደርቅና ይፈረፈራል፤ ሾፌሩ እግሩ ሥር ምንነቱ ያልታወቀ ስብርባሪ ያገኛል። ጎማው ሲወድቅ ዘንጉ በቀዳዳው ይሾልካል፣ የፍሬን መብራቱ ቆሞም አይጠፋም፣ ክሩዙም ጭራሽ አልይዝም ይላል። በማግስቱ ጠዋት ባትሪው ያልቃል። ብዙ ሰው ባትሪ የሚገዛው ያኔ ነው፤ የጎደለው ግን ሳንቲም የምታክል ጎማ ነበረች። በአንዳንድ የቆዩ መኪኖች ደግሞ የፍሬን አምፖሎቹ ከተቃጠሉ፣ ወይም በኤልኢዲ ከተተኩ፣ ክሩዙ አይሠራም።

አሜሪካ ሱባሩ የሚነዱ ወገኖቻችን የሚገጥማቸው ሌላ ነው። የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ CRUISE የሚለውም አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ክሩዙም አይሠራም። ክሩዙ ራሱ ጤነኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሞተር ችግር ስላየ ሆን ብሎ ዘግቶታል። ስለዚህ መነበብ ያለበት የሞተሩ ኮድ ነው። ጥፋቱ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ነዳጅ ቀድቶ ክዳኑን በደንብ አለማጥበቅም ያንኑ መብራት ያበራል። ክዳኑ ከጠበቀ በኋላ መብራቱ ወዲያው ላይጠፋ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ እስኪያረጋግጥ ጥቂት ቀን መንዳት ያስፈልጋል፣ ክሩዙም እስከዚያው ዝግ ነው።