«320 ጆንያ ቡና» በቻይንኛ እንዴት ይቆጠራል?

በጌዴኦ ዞን ጌደብ ወረዳ ከምትገኘው ባንኮ ጎቲቲ የሚመጣ ቡና ወደ ውጭ ሲላክ ሰነዱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይዘጋጃል። ገዢው ቻይናዊ ከሆነ ይኸው ሰነድ ወደ ቻይንኛ መተርጎም ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ ተርጓሚውን የሚያሳስተው የቡናው ስም ሳይሆን በቁጥሩና በስሙ መካከል የምትገባው አንዲት አጭር ቃል ናት። ይህች ቃል መቁጠሪያ ቃል ልትባል ትችላለች።

እንግሊዝኛ ቁጥርን ከስም ጋር በቀጥታ ያገናኛል፤ ብዛትንም በስሙ መጨረሻ ላይ ያመለክታል። ቻይንኛ ግን የዕቃን ስም አያበዛም፤ ቁጥሩን አስቀድሞ፣ መቁጠሪያ ቃሉን አስከትሎ፣ ስሙን በመጨረሻ ያደርጋል። ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አርሶ አደሩ «500 እግር ቡና አለኝ» ሲል «እግር» የምትለው ቃል የሚቆጠረው ዛፉ እንጂ ፍሬው አለመሆኑን ታስረዳለች። «ሁለት ራስ ሽንኩርት» እና «አንድ ዘለላ ሙዝ» የሚባሉትም በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ በአማርኛ መቁጠሪያውን ብንተወው የሚቀየመን አለመኖሩ፣ በቻይንኛ ግን መተዉ የሰዋስው ስሕተት መሆኑ ነው።

ለአብነት በእንግሊዝኛ «ሁለት ቡናዎች፣ 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ ግራም» የሚል የጭነት መግለጫ እንውሰድ። መጠኑ በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የሚጫን የተለመደ መጠን ነው።

አስቸጋሪው «ሁለት ቡናዎች» የሚለው ነው። እንግሊዝኛው ምን እንደተቆጠረ አይናገርም። ሁለት ስኒ ከሆነ ቻይንኛው «ልያንግ ቤይ ካፈይ» ይላል። ሁለት ዓይነት፣ ማለትም አንዱ የታጠበ ሌላው በፀሐይ የደረቀ ከሆነ «ልያንግ ዦንግ ካፈይ» ይሆናል። በተለያየ ጊዜ የተላኩ ሁለት የጭነት ክፍሎች ከሆኑ ደግሞ «ልያንግ ፒ ካፈይ» ነው። ስለዚህ ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ከመግለጡ በፊት ሰነዱን ያዘጋጀውን ባለሙያ መጠየቅ ይኖርበታል። ግምት ውስጥ ገብቶ «ዦንግ»ን በ«ፒ» ቢተካ ገዢው ሁለት ዓይነት ቡና ሳይሆን አንድን ቡና በሁለት ዙር እንደሚረከብ ሊረዳው ይችላል። በመቁጠሪያ ፊት «ሁለት» የሚባለው በስልክ ቁጥር እንደሚነበበው «አር» ሳይሆን «ልያንግ» መሆኑም መታወቅ አለበት።

ጆንያው ቀለል ይላል። ለጆንያም ለከረጢትም «ዳይ» ይባላል። ነገር ግን በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለች ትንሽ የተቆላ ቡና ከረጢትም «ዳይ» ናትና 320 ብሎ ማቆም አይበቃም። «ማዳይ»፣ ማለትም የቃጫ ጆንያ፣ ብሎ መጻፍ ወይም «መይ ዳይ»፣ ማለትም በእያንዳንዱ ጆንያ፣ ብሎ ክብደቱን ማከል ጥርጣሬውን ያስወግዳል።

ከባዱ ጥፋት የሚፈጸመው እዚሁ ክብደቱ ላይ ነው። የክብደት መለኪያዎች ራሳቸው መቁጠሪያ ስለሆኑ ሌላ ቃል አይጨመርባቸውም። ኪሎ ግራም «ጎንግጂን» ይባላል። በቻይና ገበያ ግን ስሙ በእኛ ጆሮ ክፉ መንፈስን የሚያስታውስ «ጂን» የሚባል መለኪያ አለ፤ ልኩም ግማሽ ኪሎ ግራም ነው። ተርጓሚው የመጀመሪያውን ፊደል ዘሎ 60 «ጂን» ብሎ ቢጽፍ 60 ኪሎው 30 ኪሎ ይሆናል፤ 19 ሺህ 200 ኪሎ ግራም የነበረውም ጭነት በወረቀት ላይ ወደ 9 ሺህ 600 ይወርዳል። ስሕተቱን ለመያዝ የጆንያውን ብዛት በአንዱ ጆንያ ክብደት አባዝቶ ከጠቅላላው ጋር ማስተያየት ይበቃል፤ ሆኖም ጠቅላላውም በ«ጂን» ከተጻፈ ስሌቱ ትክክል ስለሚመስል ቻይንኛውን ከእንግሊዝኛው ዋና ሰነድ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

በቃል በሚደረግ ትርጉም ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የቡና ዛፍ በ«ኬ» ይቆጠራል፤ የቡና ፍሬም እንዲሁ በ«ኬ» ይቆጠራል። ድምፃቸው አንድ ሲሆን የሚለያቸው በጽሑፍ ፊደሉ ነው። የአማርኛው «እግር» በዚህ ረገድ የተሻለ ይመስላል። በስብሰባ ላይ ከመቁጠሪያው በኋላ «ዛፍ» ወይም «ፍሬ» የሚለውን ስም ሳይዘሉ መናገር አማራጭ የለውም።

ብዙ ጀማሪዎች ከዚህ ሁሉ ለማምለጥ «ጌ» የምትባለውን ጠቅላላ መቁጠሪያ በየቦታው ያስገባሉ። በዕለት ተዕለት ንግግር ለሰውም ለብዙ ዕቃም ትሠራለች። በጽሑፍ ግን «320 ጌ ቡና» ማለት ስኒውን ይሁን ጆንያውን አያሳውቅም። ለሰዎችም ቢሆን በመንግሥት ደብዳቤ አትመረጥም። በሪፖርት የአርሶ አደሮችን ቁጥር ለመግለጽ «ሚንግ»፣ ለተጋበዙ እንግዶች ደግሞ አክብሮትን የምታመለክተው «ወይ» ትገባለች። የራስን ልዑካን በ«ወይ» መቁጠር ራስን «እርሶ» ብሎ እንደመጥራት ስለሚሆን ለእነርሱ «ሚንግ» ተገቢ ይሆናል።