ኪራዩ በየዓመቱ የሚያድግ የሱቅ ውል ዛሬ ስንት ያወጣል?

አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ለ10 ዓመት ሱቅ ሊከራይ ከባለቤቱ ጋር ተነጋገረ እንበል። ባለቤቱ ሁለት መንገድ አቀረበለት። አንደኛው፥ የመጀመሪያው ዓመት ኪራይ 120,000 ብር ሆኖ በየዓመቱ ከመቶ 8 እየጨመረ፥ በያንዳንዱ ዓመት መጀመሪያ እንዲከፈል ነው። ሁለተኛው፥ የ10 ዓመቱን ኪራይ ጠቅልሎ ዛሬ 1,100,000 ብር እንዲከፍል ነው።

ነጋዴው የአሥሩን ዓመት ኪራይ ቢደምረው 1,738,387 ብር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቢከፍል ከ638,000 ብር በላይ የሚያተርፍ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ ድምር አሳሳች ነው፤ ዛሬ የሚከፈለውን ብርና ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሚከፈለውን ብር እኩል አድርጎ ይቈጥራልና።

ነጋዴው ገንዘቡን በንግዱ ውስጥ ቢያቈየው በዓመት ከመቶ 12 የሚያገኝበት ከሆነ፥ የሁለተኛው ዓመት ኪራይ፥ ማለትም 129,600 ብር፥ ለ1.12 ሲካፈል ዛሬ የሚያወጣው 115,714 ብር ብቻ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ዛሬ ቢኖረው በዓመቱ 129,600 ይሆንለታልና። የአሥረኛው ዓመት ኪራይ 239,881 ብር ቢሆንም የዛሬ ዋጋው ወደ 86,500 ብር ዝቅ ይላል። ኪራዩ በየዓመቱ በ1.08 እየተባዛ ሲያድግ፥ የዛሬ ዋጋው ደግሞ በየዓመቱ ለ1.12 እየተካፈለ ይቀንሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኪራይ በዛሬ ዋጋው ካለፈው ዓመት ኪራይ 0.9643 እጅ ነው ማለት ነው።

ይህ ከታወቀ አሥሩን ዓመት አንድ በአንድ ማስላት አያስፈልግም። የመጀመሪያው ኪራይ A፥ የዓመታቱ ቍጥር n፥ 1.08 ለ1.12 ሲካፈል የሚገኘው ደግሞ q ቢባል፥ የውሉ የዛሬ ዋጋ እንዲህ ይገኛል፦

A × (1 − q^n) ÷ (1 − q)

120,000 × 0.304884 ÷ 0.035714 ሲሰላ 1,024,400 ብር ያህል ይሆናል። እንግዲህ ባለቤቱ የጠየቀው 1,100,000 ብር ከተገቢው በ75,000 ብር ገደማ ይበልጣል። ኪራዩ የሚከፈለው በዓመቱ መጨረሻ ቢሆን ኖሮ ግን ዋጋው እንደ ገና ለ1.12 ተካፍሎ ወደ 914,700 ብር ይወርድ ነበር። ስለዚህ ውሉ የክፍያውን ቀን በግልጽ መናገር አለበት።

ፍርዱ የሚለወጠው በወለዱ ምጣኔ ነው። ነጋዴው በገንዘቡ የሚያገኘው ከመቶ 12 ሳይሆን ከመቶ 10 ቢሆን፥ የዚያው ውል ዋጋ 1,106,400 ብር ያህል ይሆናል፤ ጠቅልሎ መክፈሉም በጥቂቱ ይሻለዋል። ወለዱና የኪራዩ ዕድገት እኩል ከመቶ 8 ቢሆኑ ደግሞ q አንድ ስለሚሆን ቀመሩ አይሠራም፤ ያን ጊዜ ዋጋው የመጀመሪያው ኪራይ በዓመታቱ ቍጥር ተባዝቶ 1,200,000 ብር ነው። እንግዲህ ነጋዴው አስቀድሞ መርምሮ ማወቅ ያለበት ገንዘቡ በእርግጥ የሚያስገኝለትን ወለድ ነው። ሒሳቡን የሚያሳስተውም ይኸው ቍጥር በግምት ሲገባ ነው።

ዘመን የማይወሰንለት ክፍያ ሲመጣ ይህ ነገር ይበልጥ ይጠነክራል። አንድ ነጋዴ ለአንድ ተማሪ በየዓመቱ 60,000 ብር ለዘለዓለም የሚሰጥ የትምህርት መርጃ ገንዘብ ማቋቋም ቢፈልግና ገንዘቡ ከመቶ 12 ቢያስገኝ፥ 500,000 ብር ይበቃዋል፤ ወለዱ 60,000 ነውና ዋናው አይነካም። ነገር ግን ኑሮ ሲወደድ ያው 60,000 ብር ተማሪውን ማስተማር ያቅተዋል። ስጦታው በየዓመቱ ከመቶ 8 እንዲያድግ ከተፈለገ፥ 60,000 ለ0.04፥ ማለትም ለሁለቱ ምጣኔዎች ልዩነት፥ ተካፍሎ 1,500,000 ብር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ስጦታ የሚከፈለው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ 1,500,000 ብር በዓመቱ 180,000 ያስገኛል፥ 60,000 ይከፈላል፥ 1,620,000 ይቀራል። ይህም ከመነሻው ከመቶ 8 አድጓል፤ የሚመጣውንም ስጦታ ይችላል።

የዚህ ሒሳብ ወሰን ግልጽ ነው። ወለዱ ከዕድገቱ ካልበለጠ ለዘለዓለም የሚበቃ ገንዘብ የለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝቅተኛውን የቍጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ ከመቶ 7 ከፍ አደረገ፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋው ንረት ከመቶ 30 አለፈ። በዚያን ጊዜ በቍጠባ ደብተር ብቻ የተቀመጠ መርጃ ገንዘብ ስጦታውን ከኑሮው ውድነት እኩል ለማሳደግ ቢሞክር ዋናውን መብላቱ አይቀርም ነበር። ስለዚህ የስጦታውን መጠን ከመወሰን በፊት፥ ገንዘቡ የሚያርፍበት ቤት ወይም ንግድ ከዋጋው ንረት በላይ የሚያስገኝ መሆኑን ማየት ይገባል።