ያገለገለ መኪና ሲገዛ ሊብሬውን ማንበብ

በጎግ ወረዳ የተመረተ በቆሎና ማሽላ ከማሳ ወደ ፑኝዶ፣ ከፑኝዶም ወደ ጋምቤላ ከተማ በመኪና ይጓዛል። አዲስ መኪና ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው ያገለገለ ይገዛል። ሻጭም መኪናውን አጥቦ፣ ቀለም ቀብቶ ያቀርበዋል። ቀለም ዝገትን ይሸፍናል፤ ወረቀት ግን የተሸፈነውን ሊገልጥ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠር በፊት ሁለት ወረቀቶች ይነበባሉ። አንደኛው የባለቤትነት ደብተሩ ነው፤ ሊብሬ ይባላል። ሁለተኛው የዓመታዊ ምርመራው ውጤት ነው። ምርመራውን ላለፈ መኪና የሚሰጠው ምልክት ቦሎ ይባላል።

እንበል፣ አሥር ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ሊገዙ ነው።

መጀመሪያ በሊብሬው ላይ ያለውን የባለቤት ስም ያነባሉ። ስሙ የአንድ የእርሻ ባለሀብት ነው። ሻጩ ግን ሌላ ሰው ነው። «ባለሀብቱ ለአንድ ነጋዴ ሸጠ፤ ነጋዴው ደግሞ ለእኔ ሸጠልኝ፤ ውክልና አለኝ» ይላል። ይህ ምን ማለት ነው? መኪናው በሁለት ሰዎች እጅ ሲያልፍ ስሙ አልተዛወረም ማለት ነው። ውክልና በባለቤቱ ስም የመሸጥ ሥልጣን ይሰጣል እንጂ የያዘውን ሰው ባለቤት አያደርገውም። ባለቤቱ ውክልናውን ከሻረ ወይም ከሞተ ሥልጣኑ ይቀራል። ያኔ ወራሾች መጥተው «መኪናው የአባታችን ነው» ሊሉ ይችላሉ።

ሊብሬው ስለ ቀድሞ ባለቤቶች ሁሉንም አይናገርም። ሙሉው ታሪክ ያለው መኪናው በተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ፣ በፋይሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ ገዢዎቹ ከሻጩ ጋር ወደዚያ ቢሮ ሄደው ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። መኪናው ዛሬ በማን ስም ነው? የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለበት ወይ? ከቀረጥ ነፃ የገባ ነው ወይ?

ሦስተኛው ጥያቄ በጋምቤላ ክልል በተለይ ያስፈልጋል። ለእርሻ ባለሀብቶችና ለእርዳታ ድርጅቶች መኪና ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡ የተፈቀደበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲሸጥ ቀረጡ መከፈል አለበት። ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዛወርም፤ ጉምሩክም መኪናውን ሊይዘው ይችላል። ርካሽ የመሰለው ዋጋ ቀረጡ ሲጨመርበት ውድ ይሆናል።

ቀጥሎ የሻንሲ ቁጥሩ ይታያል። ይህ ቁጥር በሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ በመኪናው ብረት ላይም ተቀርጿል። የፈረንጅ ፊደል የማያውቅ ሰውም ቅርጹን ከቅርጽ ጋር ማስተያየት ይችላል። ስስ ወረቀት በብረቱ ላይ አድርጎ በእርሳስ ማሸት ነው፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። በሊብሬው መጨረሻው 40316 ከሆነና በብረቱ 40376 ከወጣ፣ አንዷ ቁጥር መለየቷ ብቻ ግዢውን ለማቆም ይበቃል። ቁጥሩ አካባቢ ሞረድ ያረፈበት ወይም የተበየደ ብረት ካለም እንዲሁ ነው።

የተሠራበትን ዓመት ሲያነቡም ይጠንቀቁ። የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 2005 የሚል ካለ በእኛ 1997 ገደማ ነው። መኪናው ከታሰበው በ8 ዓመት ያህል ያረጀ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው ውጤት እንምጣ። «አልፏል» የሚለውን ብቻ አይመኑ፤ ቁጥሮቹ ያሉበትን ወረቀት ይጠይቁ። በመሣሪያ የተመረመረ ፍሬን ለየጎማው የኃይል ልክ ይጻፍለታል። ለምሳሌ የፊት ግራው 10፣ የፊት ቀኙ 6 ቢሆን ልዩነቱ 4 ነው። 4 ከ10 ማለት ከመቶ 40 ነው። በእንግሊዝ አገር በፊት ጎማዎች መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ 30 ካለፈ መኪናው ምርመራውን አያልፍም። እንዲህ ያለ መኪና ፍሬን ሲያዝ ኃይል ወዳለበት ወደ ግራ ይስባል። ጭቃ ባለበት መንገድ ጭነት ይዞ ሊገለበጥ ይችላል። የዚህ ምክንያቱ በቀኙ የፍሬን ሸራ ላይ ዘይት መፍሰሱ ወይም ሸራው ማለቁ ሊሆን ይችላል። ከመግዛት በፊት ጎማው ተፈትቶ ይታይ።

ምርመራው ሞተሩን ፈትቶ አያይም። የውስጡን መበላት ለማወቅ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ጠዋት ይነሣ። ሰማያዊ ጭስ ደጋግሞ ከወጣ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። ምርመራው የሚናገረውም ስለዚያች ቀን ብቻ ስለሆነ ቀኑን ያንብቡ። ከ10 ወር በፊት ያለፈ ፍሬን ዛሬ ላይይዝ ይችላል።

ጥያቄዎች
1. ሻጩ ውክልና ብቻ ካለው ገዢው ምን ማጣራት አለበት?
2. የፊት ግራው ፍሬን 10፣ ቀኙ 9 ቢሆን ልዩነቱ ከመቶ ስንት ነው?