ቡናው የተቆላው መቼ ነው?

ከሦስት ዓመት በፊት ታላቅ እህቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጥታ አንድ ወር ሰንብታ ስትመለስ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ኪሎ የተፈጨ ቡና ከተትኩላት። ጥሩ ከሚባል ሱቅ ነው የገዛሁት፤ ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ሁለት ወር ሳይሞላ ደወለች። «ወንድምዬ፣ ቡናው ምን ነካው? መጀመሪያ ሳምንት መዓዛው ጎረቤት ሁሉ የሚጠራ ነበር። አሁን ቀለም ያለው ውሃ ሆነብኝ» አለችኝ። ከረጢቱን ከከፈተች በኋላ አፉን አጥፋ፣ በላስቲክ አስራ፣ ከምድጃው በላይ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው።

የሱቁ ሰዎች አታለሉኝ ብዬ ተናደድኩ። በሰፈራችን በትንሽ ማሽን እየቆላ የሚሸጥ አንድ ሰው አለ፤ ነገሩን ስነግረው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «የተቆላው መቼ ነው?» ከዚያው ዓይነት አንድ ከረጢት ቤት ቀርቶ ነበርና አገላብጬ አየሁት። ሁለት ዓመት ወደፊት የተጻፈ የማብቂያ ቀን አለበት። የተቆላበት ቀን ግን የትም የለም። የማብቂያው ቀን የሚነግረን ቡናው እስከ መቼ ጤና እንደማይጎዳ ነው። እስከ መቼ ቡና ቡና እንደሚል አይነግረንም።

ቤት ውስጥ ጥሬውን አጥበን፣ በብረት ምጣድ ቆልተን፣ በሙቀጫ ወቅጠን በዚያው ሰዓት ስናፈላ ይህ ጥያቄ አይነሳም። የሚነሳው የተቆላ ወይም የተፈጨ ስንገዛ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ጊዜ ያጣ የከተማ ሰውም ውጭ አገር ያለ ዘመድም የሚገዛው እሱን ነው።

ጥሬ ቡና በደረቅ ቦታ ብዙ ወራት ይቆያል። ከምጣድ ከወጣ በኋላ ግን ሌላ ነገር ነው። ሲቆላ ፍሬው ውስጥ ጋዝ ይፈጠራል፤ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ የሚፈላው ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጋዙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በብዛት፣ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ለሳምንታት ይወጣል። መዓዛውም አብሮት ይሄዳል። በወጣው ጋዝ ቦታ አየር ይገባል፣ በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ደግሞ የቡናውን ቅባት ያበላሻል። የአረቢካ ቡና ክብደት 15 በመቶ ያህሉ ቅባት ስለሆነ የሚበላሸው ነገር ትንሽ አይደለም። የከረመ ቡና መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ቆይቶ እርጥብ ካርቶን፣ መጨረሻ ላይ የከረመ ዘይት መሽተት ይጀምራል።

መፍጨት ይህን ሁሉ ያፋጥነዋል። አንድ ፍሬ ቡና ሲፈጭ በመቶዎች የሚቆጠር ቅንጣት ይሆናል፤ አየር የሚነካው ገላ በዚያው ልክ ይበዛል። ቡና ስንፈጭ ቤቱን የሚሞላው ያ ደስ የሚል መዓዛ ሲኒው ውስጥ ሊገባ የሚገባው ነበር። ፍሬው በደንብ ተከድኖ ከተቀመጠ ከተቆላበት ቀን ጀምሮ አራት፣ አምስት ሳምንት ጥሩ ሆኖ ይቆያል። የተፈጨው ግን ከተከፈተ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው ዕድሜው። የእህቴ ቡና የሞተው እዚህ ላይ ነው። ሱቁም ያታለለኝ ነገር አልነበረም፤ ሁለት ኪሎ የተፈጨ ቡና ለአንድ ቤት የገዛሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ሙቀጫ ወይም ትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫ ካለ ፍሬውን ግዙ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ፍሬ ምን እንደሆነ በዓይን ይታያል። ዱቄት ውስጥ የተቆላ ገብስ ወይም ሽምብራ ቢቀላቀል ለመለየት ይከብዳል። ፍሬውን ግን እፍኝ ሙሉ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቶ ማየት ይቻላል። ሌላው ሁሉ ቡናማ ሆኖ ጥቂቶቹ ገርጥተው ከቀሩ፣ ሳይበስሉ የተለቀሙ ናቸው፤ የቱንም ያህል ቢቆሉ አይጠቁሩም፣ ሲቀመሱም ደረቅ የለውዝ ልጣጭ ይመስላሉ። አንድ ሁለት ቢገኙ ምንም አይደለም፤ ከየእፍኙ አሥር ከሆኑ ግን ሌላ ሱቅ ፈልጉ። መፍጫ ለሌለው ሰው ሱቁ ዓይኑ እያየ እንዲፈጭለት ማድረግና ከሳምንት ፍጆታው በላይ አለመውሰድ ይሻላል።

የተቆላበት ቀን ካልተጻፈስ? ብዙ ከረጢቶች ፊታቸው ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ አላቸው፤ ጋዙን ወደ ውጭ የሚያስወጣ፣ አየር ወደ ውስጥ የማያስገባ ቫልቭ ነው። ከረጢቱን ቀስ ብላችሁ ጨመቅ አድርጉና በዚያ ቀዳዳ አሽቱት። መዓዛው አፍንጫን ከሞላ መልካም ነው፤ ምንም ካልሸተተ ወይም ካርቶን ካርቶን ካለ መልሱት። እንደ ጡብ የደረቀ፣ አየሩ ተመጥጦ የታሸገ የተፈጨ ቡና ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል። አዲስ ቡና እንዲያ ቢታሸግ በጋዙ ከረጢቱን ይነፋዋል። ጡብ ሆኖ የሚቆየው ከመታሸጉ በፊት ጋዙ እንዲወጣ ስለተተወ ነው። እስኪከፈት ድረስ ብዙም አይጎዳም፤ ከተከፈተ በኋላ ግን የተረፈው መዓዛ ለመሄድ ቀናት ይበቁታል።

ቤት ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ፈተናም አለ፤ እኔ ከሁሉ የማምነው እሱን ነው። ግማሽ ሲኒ የሚሆን ፍሬ ዚፕ ባለው ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ጨምሩ፣ አየሩን በእጃችሁ አስወጥታችሁ ዝጉትና አሳድሩት። ጠዋት ላስቲኩ ተነፍቶ ከተገኘ ቡናው ገና እየተነፈሰ ነው፤ ከተቆላ ሁለት ሳምንትም አላለፈው ይሆናል። ላስቲኩ እንደተኛ ካደረ ጋዙ አልቋል። አዲስ ቡና ጀበና ውስጥ ቶሎ ገንፍሎ የሚወጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ጋዝ ነው። ፈተናው ግን ለፍሬ እንጂ ለዱቄት አይሠራም። ዱቄት ትናንት የተፈጨ ቢሆን እንኳ ጋዙን ቀድሞ ስለጨረሰ ያላጠፋውን ይቀጣል።

ወደ አቆላሉ ስንመጣ ሱቆች «ላይት»፣ «ሚድየም»፣ «ዳርክ» ይላሉ። ቡና የቆላ ሰው ሁሉ ግን በጆሮው ያውቀዋል። ምጣዱ ላይ መጀመሪያ እንደ ፈንዲሻ ጎላ ብሎ ጣ፣ ጣ ይላል፤ የፍሬው ሙቀት ያኔ 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ አልቆ ብዙም ሳይቆይ ቢወርድ ፈካ ያለ ቡና ይሆናል። ትንሽ ቢቀጥል መካከለኛ ነው። ከ220 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ሁለተኛው መንጣጣት ይመጣል፤ ይህ ቀጭን፣ ደረቅ ጭራሮ ሲነድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጠቆር ያለ ነው።

ይርጋጨፌ የታጠበ ቡና ገዝቶ እስኪጠቁር ማስቆላት ገንዘብ ማቃጠል ይመስለኛል። የተከፈለበት ያ የአበባና የሎሚ መዓዛ በሙቀቱ ይጠፋል፤ የሚቀረው የትኛውም ጠቆር ያለ ቡና የሚሰጠው ምሬት ነው። በሌላ በኩል በጣም የፈካ ቡና በጀበና ሲፈላ ብዙ ሰው «ኮመጠጠኝ» ይላል። ለጀበና መካከለኛው፣ ወይም ከመካከለኛው ትንሽ ጠለቅ ያለው ይስማማል። ከወተት ጋር ለሚጠጣ ግን ጠቆር ያለው ወተቱን አልፎ ይሰማል።

ጠቆር ያለው ቶሎ ያረጃልም። ብዙ ሲቆላ ፍሬው ይበልጥ ባዶና ስስ ይሆናል፣ ቅባቱም ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ማብረቅረቅን ለብቻው አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ጠቆር ያለ ፍሬ ገና በቀናት ውስጥ ቢያብረቀርቅ የአቆላሉ ጠባይ ነው። መካከለኛ የሆነ ፍሬ ላይ ግን የቅባት ነጠብጣብ ከታየ ከርሟል ማለት ነው። አንድ ፍሬ በጣታችሁ ሰብራችሁም እዩ። ውስጡና ውጭው አንድ ቀለም ከሆነ በደንብ ተቆልቷል፤ ውጭው ጠቁሮ ውስጡ ከገረጣ በኃይለኛ እሳት ተጣድፏል።

ዋጋ ስታወዳድሩ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ቡና ሲቆላ ይቀንሳል፤ አንድ ኪሎ ጥሬ መካከለኛ ሲቆላ ወደ 850 ግራም፣ በጣም ሲጠቁር 800 ግራም ገደማ ይሆናል። አንድ ኪሎ የተቆላ የምትገዙት ወደ 1 ኪሎ ከ180 ግራም ጥሬ ነው፤ በዚያ አስሉት።

በሚቀጥለው ዓመት እህቴ ስትመጣ ከቡና ቆይው ጋር ቁጭ ብለን አሰላን። ቅዳሜና እሁድ ጎረቤት ጠርታ ታፈላለች፤ በአንድ ጊዜ 60 ግራም ገደማ። በሥራ ቀን ጠዋት ለራሷ 15 ግራም ያህል ትጠቀማለች። ሲደመር በሳምንት ወደ 200 ግራም ነው፤ ሁለት ኪሎው አሥር ሳምንት ይይዛታል ማለት ነው። ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት ሁለት ኪሎ ፍሬ መካከለኛ አድርጎ ቆላልን፣ በስምንት ከረጢት 250 ግራም፣ 250 ግራም አድርጎ አሸገው። እሷም በእስክሪብቶ ቀኑን በየከረጢቱ ላይ ጻፈች።

ቤቷ ስትደርስ አንዱን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ብርሃን በማያሳልፍ ጣሳ ከምድጃ ርቃ አስቀመጠች፣ ሰባቱን ፍሪዘር ውስጥ ከተተች። ፍሪጅ አይሆንም፤ እርጥበት አለው፣ ቡና ደግሞ የሽንኩርቱንም የወጡንም ሽታ ይስባል። ከፍሪዘር የወጣ ከረጢት ሌሊቱን ሳይከፈት ውጭ ማደር አለበት። ቀዝቃዛ እያለ ከተከፈተ የቤቱ አየር ፍሬው ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ያ ውሃ ደግሞ ቡናውን ያበላሸዋል። አንዴ የወጣም አይመለስም።

ስምንተኛውን ከረጢት የከፈተችው በአሥረኛው ሳምንት ነው። ከመውቀጧ በፊት እፍኝ ፍሬ ላስቲክ ውስጥ አሳድራ ፎቶ ላከችልኝ፤ በጣም ባይሆንም ላስቲኩ ተነፍቷል። ከሥሩ «ጀበናው ገነፈለብኝ፣ ምድጃውን እያጸዳሁ ነው» ብላ ጽፋለች።