ሐዘንተኛው ምን ያድርግ? ጠያቂውስ ምን ይዞ ይሂድ?

በሰሜን ሸዋ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ደብሮች ከካህናትና ከሰበካ ጉባኤ አባላት ጋር ስለ ልማት ስንወያይ፣ ነገሩ ብዙ ጊዜ ወደ ሐዘን ቤት ያመራል። አንድ ገበሬ በሬውን ለምን እንደ ሸጠ፣ የበልግ ዘሩስ የት እንደ ገባ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ለአባቴ አርባ» ይላል። ስለዚህ በዚህ ዕትም ሞት ከሰማበት ሰዓት ጀምሮ እስከ አርባው ቀን ድረስ ከሐዘንተኛውም ከጠያቂውም የሚጠበቀውን ልናብራራ ወደድን።

ሥርዓቱ ከመርዶ ይጀምራል። በሩቅ ያለ ዘመድ እንዲሰማ ሲፈለግ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስበው ሌሊት ወይም ማለዳ ገና ሥራ ሳይጀመር ይነግሩታል። ይህ ያለ ምክንያት አልተለመደም፤ መርዶ የሰማ ሰው ብቻውን እንዳይሆን፣ በመንገድ ወይም በገደል አፋፍ ላይ ሳለ እንዳይደነግጥ ነው። ዛሬ በስልክ የሚነግሩ አሉ። ስልክ መደወል ግድ ከሆነ አስቀድሞ ለጎረቤቱ መደወል ይሻላል።

አስከሬኑ ተገንዞ፣ ጸሎተ ፍትሐት ደርሶለት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ካረፈ በኋላ የቅርብ ቤተሰቦች በምድር ላይ ፍራሽ ወይም አጎዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይለብሳሉ፤ ወንዶች ጢማቸውን አይላጩም። እስከ ሣልስት ድረስ ሐዘንተኛ አያርስም፣ አያጭድም፣ ምጣድም አይጥድም። ለጥቂት ቀን ከሥራ ነጻ የሆነ ሰው ሐዘኑን በሙሉ ልብ ያለቅሳልና ይህ መልካም ልማድ ነው። ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷልና ማልቀስ ነውር አይደለም። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ለሞተው አልቅሶ ከዚያ በኋላ መጽናናትን ያዝዛል። ፊትን መንጨትና ደረትን እስኪቆስል መምታት ግን ከዚህ ወሰን ያልፋል፤ ስለ ሞተ ሰው ሥጋን መቁረጥን ኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ ይከለክላል። የሚያጠቡ እናቶች ሦስት ቀን ሙሉ ሳይበሉና ሳይጠጡ ሲውሉ ወተታቸው እንደሚቀንስ ጎረቤት ሊያስብበት ይገባል። ለሐዘን ራሳቸውን የሚላጩ ካሉም አንድ ምላጭ ለአንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ ከዚያ ይመጣልና።

ወደ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው የዘወትሩን ሰላምታ ትቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፤ ለአረጋዊ ሐዘንተኛ ሲሆን «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ይላል። ስለ ሟቹም «ነፍስ ይማር» ይባላል። ከዚያ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል፤ ሲነሣም ያንኑ ደግሞ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚያቆስለው ዝምታው ሳይሆን ዝምታውን ለመሙላት የሚነገረው ነው። «ምን ነክቷቸው ሞቱ?»፣ «ወደ ደብረ ብርሃን ብትወስዷቸው ኖሮ» የሚል ቃል ሐዘንተኛውን በራሱ ላይ ዳኛ ያደርገዋል። ልጅ ለሞተባት እናት «ሌላ ትወልጃለሽ» ማለት፣ ሽማግሌ ለሞተባቸውም «ጠግበው ነው የሞቱ» ማለት መልካም አሳብ ቢኖረውም ለልብ አይደርስም። ስለ ሟቹ መልካምነት የሚያውቁትን አንድ ነገር መናገር ግን ሐዘንተኛው ለዓመታት የሚያስታውሰው ነው።

ምን ይዞ መሄድ እንደሚገባ ለማወቅ ምግቡ የሚፈጀውን ጊዜ ማሰብ ይጠቅማል። የእንጀራ ሊጥ እስኪቦካ ሁለትና ሦስት ቀን ይወስዳል፤ ጠላ ከጥንስሱ እስኪደርስ ከሳምንት ይበልጣል። ሞት ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሐዘንተኛው ቤት ሊኖር የሚችለው ንፍሮ ነው፤ መፍጨትና ማቡካት አያሻውም፤ ተዘፍዝፎ ወይም ሳይዘፈዘፍ ይቀቀላል። በመንዝ ደጋ ባቄላና ስንዴ፣ በመርሐ ቤቴ ቆላ ደግሞ ማሽላና ሽምብራ ይቀቀላል። እንጀራው የግድ ከጎረቤት መምጣት አለበት። ስለዚህ እስከ ሣልስት ድረስ የሚመጣ ጠያቂ የደረሰ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወጥ ወይም ጠላ ቢይዝ በትክክል የጎደለውን ሞላ። እድር፣ በአንዳንድ ቦታም ቅሬ የሚባለው ማኅበር ይህን ተራ ያወጣል። ባለ ተራዋ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዐርብ፣ ወይም ሌላ የጾም ወቅት መሆኑን መርሳት የለባትም።

ከሣልስት በኋላ ግን እንጀራ ይበዛና ሌላው ይጎድላል። ደጋው ዛፍ የሌለበት በመሆኑ ማገዶው ኩበት ነው፤ አንድ ጆንያ ኩበት ይዞ የመጣ ጠያቂ አልቀለለም። ሐዘኑ በአጨዳ ወቅት ከሆነ ደግሞ ግማሽ ቀን በማሳው ላይ መዋል ከየትኛውም መሶብ ይበልጣል። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶች ብዙ ሆነው ይደርሳሉ፤ ሌሊቱንም ያድራሉ፤ ገንዘብ ቢሰጡ እንኳ ለሚበሉት እህል የሚፈጭ ሰው ስለሚያስፈልግ ዱቄቱን ራሱን ይዘው ቢመጡ ይመረጣል።

አሁን ወደ አርባው እንምጣ። የሟቹ መታሰቢያ ቀኖች ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ናቸው። በነዚህ ቀኖች ቤተ ክርስቲያን የምትሻው ቅዳሴ፣ ጸሎተ ፍትሐትና ለነዳያን የሚሰጥ ምጽዋት ነው። ድግሱ በልማድ ያደገ ነው።

አንድ ቤት በምሳሌ እንመልከት። ሁለት በሬ ያለው አባወራ ጥቅምት 5 ቀን ዐረፈ እንበል። ያረፈበትን ቀን እንደ አንድ ስንቆጥር ሣልስቱ ጥቅምት 7፣ ሠላሳው ኅዳር 4፣ አርባው ኅዳር 14 ይውላል። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ነውና አርባው በቅበላው ዋለ። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዐርብ ካልሆነ ዘመድ ሁሉ ሥጋ ይጠብቃል፤ ልጁም «አባቱን በሽሮ አወጣ» እንዳይባል በሬ ያርዳል። ይኸው ሰው ጥቅምት 10 ቀን ቢያርፍ ኖሮ አርባው ኅዳር 19 ይውልና ባቄላና ሽሮ ይበቃ ነበር፤ ማንም አይወቅሰውም ነበር። የአምስት ቀን ልዩነት አንድ በሬ ያህላል ማለት ነው። ለነፍሱ የሚደርሰው ጸሎት ግን በሁለቱም ቀን አንድ ነው።

የድግሱ ዋጋ የሚታወቀው በኋላ ነው። አንድ በሬ የቀረው ልጅ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ተራው እስኪደርሰው የበልጉ ዝናብ ያልፈዋል። የዘሩ ገብስ ለጠላ ብቅል ከሆነ ደግሞ በየካቲት የሚዘራውን ከነጋዴ በብድር ይወስዳል። በአርባው ቀን ከበላው ሕዝብ ያን ጊዜ የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ቤተሰቡ ከሠላሳው በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ቢቀመጥ እንመክራለን። አንደኛ የበልግ ዘሩ ተለይቶ ይቀመጥ፤ በሬዎቹም ከምክሩ ውጭ ይሁኑ። ከቀረው ላይ ለቅዳሴው የሚያስፈልገው፣ ለካህናቱ፣ ለቆሎ ተማሪዎችና ለነዳያን የሚሆን ጸበል ጻድቅ ይቆረጥለት። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለውን ፍርሃት ልጁ ብቻውን ሊሸከመው ስለማይችል፣ ድግሱ በልክ እንዲሆን መወሰኑን ንስሐ አባቱ ራሳቸው በሣልስቱ ወይም በሰንበቴ ለጉባኤው ቢናገሩ ወቀሳው ከቤቱ ላይ ይነሣል። እድሩም በዚያ ቀን ከየቤቱ አንድ አንድ ቁና እህል ለመሰብሰብ ቢስማማ፣ ጠያቂው ለአርባ ይዞት የሚመጣው ነገር ታወቀ።